ሹገር ፍሪ ማለት ካሎሪ የለውም ማለት ነው? ማሸጊያ አንብቦ ካሎሪ የማስላት መመሪያ

«ሹገር ፍሪ ነው ይላል፤ ታዲያ ጀርባው ላይ 150 ካሎሪ የሚለው ከየት መጣ?» ይህ ጥያቄ በቃልም በፎቶም ደጋግሞ ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ስኳር ላለባቸው እናትና አባታቸው ቸኮሌት፣ ከረሜላ ወይም ብስኩት ሊልኩ ገዝተው፣ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ማሸጊያውን ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል።

አጭሩ መልስ «አይደለም» ነው። ሹገር ፍሪ የሚለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ስኳር ብቻ ነው። ካሎሪ ግን ከስብ፣ ከዱቄት፣ ከፕሮቲን፣ ከአንዳንድ ማጣፈጫዎችም ይመጣል። በዚያ ላይ «0» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ሁልጊዜ ባዶ ማለት አይደለም። ከዚህ በታች የማስረዳው በአሜሪካ ሕግ የተጻፈ ማሸጊያ እንዴት እንደሚነበብ ነው። ስለ አውሮፓው መጨረሻ አካባቢ በአጭሩ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ማሸጊያው ራሱ፣ ሙሉውን። የፊቱ ፎቶ ብቻ አይበቃም።
- ስልክ። ካሜራው ደቃቅ ጽሑፍ ያጎላል፣ ካልኩሌተሩ ያሰላል።
- የወጥ ቤት ሚዛን፣ በግራም የሚመዝን። ከሌላችሁ የመለኪያ ማንኪያ።
- ሁልጊዜ የምትጠቀሙበት ሲኒ፣ ማንኪያ ወይም ሳህን።
- እስክሪፕቶና የሚለጠፍ ወረቀት።

1. ፊት ለፊት የተጻፈውን በልኩ ተረዱት

በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍዲኤ በምንለው፣ ደንብ መሠረት አንድ ምግብ ሹገር ፍሪ ለመባል በአንድ ጊዜ መጠኑ ውስጥ ያለው ስኳር ከ0.5 ግራም በታች መሆን አለበት። በቃ፣ ቃሉ የሚገባልን ይህንን ብቻ ነው። ስኳር ሲባል የሚቆጠሩት እንደ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ የገበታ ስኳርና የወተት ስኳር ያሉት ናቸው። የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች እዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በዱቄት የተሞላ ብስኩት ሕጉን ሳይጥስ ሹገር ፍሪ ሊባል ይችላል። ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን ያ ዱቄት ወደ ግሉኮስ ይፈርሳል።

አሁን ሹገር ፍሪ ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ደቃቅ ፊደል ፈልጉ። ምግቡ ካሎሪው ዝቅተኛ ወይም የተቀነሰ ካልሆነ አምራቹ ይህንን በግልጽ የመጻፍ ግዴታ አለበት። «ካሎሪው ዝቅተኛ አይደለም»፣ «ካሎሪው የተቀነሰ አይደለም» ወይም «ለክብደት መቆጣጠሪያ አይደለም» የሚል ትርጉም ያለው አረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ደንቡ ይህንን ያስገደደው ሰው ሹገር ፍሪን ሲያይ ካሎሪውም የቀነሰ ስለሚመስለው ነው። ይህ መስመር ካለ መልሳችሁ ግማሹ ተገኝቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር እዚሁ ለዩ። «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚለው ሌላ ነው። ያ ማለት በዝግጅት ጊዜ ስኳር አልተጨመረም ማለት እንጂ ስኳር የለውም ማለት አይደለም። ስኳር ያልተጨመረበት የብርቱካን ጭማቂ ከፍሬው የመጣ ብዙ ስኳር አለው። ስኳር ላለበት ሰው የምትገዙ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል።

2. የአንድ ጊዜ መጠኑን ፈልጉ

ማሸጊያውን ገልብጡት። ኑትሪሽን ፋክትስ የሚለው ሰንጠረዥ አናት ላይ ሰርቪንግ ሳይዝ የሚል መስመር አለ። ከሥሩ ያለው ቁጥር ሁሉ የሚናገረው ስለዚያ መጠን ብቻ ነው፣ ስለ ሙሉው ፓኬት አይደለም።

የግራሙን ቁጥር ያዙ። «3 ካሬ» ወይም «1 የሾርባ ማንኪያ» የሚለውን ብቻ ከያዛችሁ በዓይን ግምት ትሳሳታላችሁ። ግራሙ ግን ሚዛን ላይ ይወጣል።

ለምሳሌ ፈሳሹን የቡና ክሬመር ውሰዱ። የአንድ ጊዜ መጠኑ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ነው። ሹገር ፍሪ የሆነው 15 ካሎሪ ይላል እንበል። ግን ማን ነው በማንኪያ ለክቶ የሚጨምረው? ከጠርሙሱ ቀጥታ ይንቆረቆራል። እንዲህ አድርጉ፦ እንደ ልማዳችሁ ባዶ ሲኒ ውስጥ አፍስሱ፣ ከዚያ በሾርባ ማንኪያ እየቀዳችሁ ቁጠሩት። 4 ማንኪያ ከወጣ 60 ካሎሪ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ 120። ማሸጊያው አልዋሸም፣ የእናንተ ሲኒ ነው የሚበልጠው።

3. «0» የሚለውን ቁጥር አትመኑት፣ ገደቡን እወቁ

ሰንጠረዡ ላይ ያሉት ቁጥሮች የተጠጋጉ ናቸው። ለካሎሪ የማጠጋጊያው ደንብ ይህ ነው፦

- ከ5 ካሎሪ በታች ከሆነ 0 ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል።
- እስከ 50 ድረስ ወደ ቅርቡ 5 ይጠጋጋል። 43 ካሎሪ 45 ተብሎ ይጻፋል።
- ከ50 በላይ ወደ ቅርቡ 10 ይጠጋጋል። 154 ካሎሪ 150 ይሆናል።

ለስኳር ደግሞ ከ0.5 ግራም በታች ያለው 0 ይባላል። ከ0.5 እስከ 1 ግራም ያለው «ከ1 ግራም በታች» ይባላል።

ስለዚህ 0 ካሎሪ የሚለውን በልባችሁ «ከ5 በታች» ብላችሁ አንብቡት። አንድ ጊዜ ብቻ ከበላችሁት 4 ካሎሪ ምንም አይደለም፣ እርሱት። ችግሩ የአንድ ጊዜ መጠኑ በጣም ትንሽ ሆኖ እናንተ ደግሞ ብዙ ስትወስዱ ነው። ዜሮ በስንትም ቢባዛ ዜሮ ነው፤ 4 ግን ይባዛል።

የተጻፈው ቁጥርም ቢሆን ልክ እስከ ነጥቡ አይደለም። በደንቡ መሠረት ላብራቶሪ ውስጥ የሚገኘው ካሎሪ ከተጻፈው ከ20 በመቶ በላይ ካልበለጠ ማሸጊያው ስህተት ነው አይባልም። 150 የተባለው 175 ቢወጣ በሕግ አያስጠይቅም ማለት ነው። ይህንን የምነግራችሁ ስሌታችሁን ነጥብ ድረስ እየወሰዳችሁ እንዳትደክሙ ነው። ወደ ቅርቡ 10 ማስላት ይበቃል።

4. ስኳሩን የተካው ምን እንደሆነ ለዩ

ከሰንጠረዡ ሥር የተቀላቀሉት ነገሮች ዝርዝር አለ። የሚጻፈው ከክብደቱ ብዛት ተነሥቶ ወደ ትንሹ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ብዙው ነው። እዚያ ውስጥ የምትፈልጉት ሁለት ዓይነት ማጣፈጫ ነው።

አንደኛው በጣም ጣፋጭ ስለሆነ በጥቂት ሚሊግራም የሚበቃ ነው። ሱክራሎስ፣ አስፓርቴም፣ ስቴቪያ እዚህ ይመደባሉ። ከእነዚህ የሚመጣ ካሎሪ ከቁጥር አይገባም። ዳይት ለስላሳ መጠጥ ከሹገር ፍሪም አልፎ በእርግጥም ወደ ዜሮ ካሎሪ የሚጠጋው ለዚህ ነው፤ ከውሃና ከዚህ ማጣፈጫ ውጭ ካሎሪ ያለው ነገር የለበትም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ዓይነት ሹገር አልኮሆል የሚባለው ነው። አያሰክርም፣ የመጠጥ አልኮልም የለበትም። እነዚህ የስኳሩን ቦታ በክብደትም ይሞላሉ። ስለዚህ ቸኮሌት፣ ከረሜላና ብስኩት ውስጥ የምታገኙት እነሱን ነው። ካሎሪ አላቸው፣ ግን እንደ ስኳር 4 አይደለም። በአሜሪካ ደንብ ለአንድ ግራም የሚታሰበው፦

- ኤሪትሪቶል 0
- አይሶማልት 2
- ማልቲቶል 2.1
- ዛይሊቶል 2.4
- ሶርቢቶል 2.6

ሹገር ፍሪ የሚል ምግብ እነዚህ ካሉበት መጠናቸው በግራም ሰንጠረዡ ላይ መጻፍ አለበት። ከካርቦሃይድሬት ሥር ከስኳሩ መስመር ቀጥሎ ፈልጉት።

5. አስሉት፦ የቸኮሌቱ ምሳሌ

አሁን ከላይ ያልኳችሁን 150 ካሎሪ እንፍታው። ሰንጠረዡ ለ30 ግራም እንዲህ ይላል እንበል፦ ስብ 12 ግራም፣ ካርቦሃይድሬት 17 ግራም፣ ከዚያ ውስጥ ፋይበር 3፣ ስኳር 0፣ ሹገር አልኮሆል 12 ግራም፣ ፕሮቲን 2 ግራም። ዝርዝሩ ላይ ማልቲቶል መጀመሪያ ተጽፏል።

ስብ በግራም 9 ካሎሪ አለው። ፕሮቲንና ስታርች 4። ፋይበሩ ጥቂት ስለሆነ እንተወው።

- ስብ፦ 12 × 9 = 108
- ማልቲቶል፦ 12 × 2.1 = 25
- የቀረው ካርቦሃይድሬት፦ 17 − 12 − 3 = 2፤ 2 × 4 = 8
- ፕሮቲን፦ 2 × 4 = 8

ድምሩ 149 ነው። ከ50 በላይ ስለሆነ ወደ 150 ይጠጋል። ቁጥሩ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያውን መስመር ደግማችሁ እዩት። ከ149 ውስጥ 108ቱ ከስብ ነው። ቸኮሌት የካካዎ ቅቤ ነው፣ ስኳሩ ቢወጣም ቅቤው እዚያው አለ። ስኳር ያለበት ወተት ቸኮሌት በ30 ግራም 160 ገደማ ነው። ልዩነቱ 10 ካሎሪ ብቻ ነው፣ ያውም የማጠጋጊያው ስፋት ያህል።

ከረሜላ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ደረቅ ከረሜላ ስብ የለውም፣ ሙሉ በሙሉ ስኳር ነው ማለት ይቻላል። 15 ግራም ከረሜላ ከስኳር ሲሠራ 60 ካሎሪ አካባቢ ነው። በአይሶማልት ሲሠራ 15 × 2 = 30። በግማሽ ወረደ። ስለዚህ «ሹገር ፍሪ ይቀንሳል ወይ?» ለሚለው መልሱ የሚወሰነው ስኳሩ ሲወጣ ምን እንደቀረ ነው። ስብ ወይም ዱቄት ከቀረ ብዙም አይቀንስም።

ይህንን ለማረጋገጥ ስሌት እንኳ የማያስፈልግበት መንገድ አለ። መደርደሪያው ላይ ያንኑ ምርት ስኳር ያለበትን አንሡና ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ያዙ። መጀመሪያ ግራማቸው እኩል መሆኑን እዩ። አንዱ 30 ሌላው 40 ግራም ከሆነ ካሎሪውን በግራሙ አካፍሉና ከዚያ አወዳድሩ። ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ከትንሹ መጠን ይመጣል።

6. በምትወስዱት ልክ አባዙ፦ የማጣፈጫው ምሳሌ

ሻይና ቡና ላይ የሚጨመረው የወረቀት ፓኬት 0 ካሎሪ ይላል። ዝርዝሩን አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ዴክስትሮስ ወይም ማልቶዴክስትሪን ነው። ማጣፈጫው በጣም ጥቂት ስለሆነ ብቻውን ፓኬት አይሞላም፤ እነዚህ የሚጨመሩት ለመሙያ ነው። መሙያው ደግሞ በግራም 4 ካሎሪ ገደማ አለው።

ዘዴው ቀላል ነው። እንዲህ ያለውን ዱቄት ክብደት በ4 አባዙት። አንድ ፓኬት 1 ግራም ከሆነ ቢበዛ 4 ካሎሪ ነው። ከ5 በታች ስለሆነ 0 ተብሎ ተጻፈ። በቀን 4 ጊዜ ሻይ የሚጠጣና በየሲኒው 2 ፓኬት የሚጨምር ሰው 8 ግራም ወሰደ፣ 32 ካሎሪ ሆነ። አይጨነቅበት፤ በዚያው ልክ ለማጣፈጥ 16 የሻይ ማንኪያ ስኳር ያስፈልገው ነበር፣ እሱ ከ250 ካሎሪ በላይ ነው።

የሚያሳስበው ለኬክ የሚሸጠው ትልቁ ከረጢት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያው ግማሽ ግራም ይመዝናል፣ 2 ካሎሪ ነው፣ ስለዚህ 0 ይላል። አንድ ኩባያ ውስጥ ግን 48 የሻይ ማንኪያ አለ። 48 × 0.5 = 24 ግራም፣ በ4 ሲባዛ 96 ካሎሪ። ከረጢቱ ላይ ያለው ዜሮ የት ሄደ? በ48 ተባዝቶ ብቅ አለ። አንድ ኩባያ ስኳር 770 ገደማ ስለሆነ አሁንም ትልቅ ቅናሽ ነው። ግን ኬኩ ዜሮ አልሆነም። ግማሽ ኩባያ ዘይት ብቻውን ከ900 ካሎሪ ይበልጣል፣ ሁለት ኩባያ ዱቄትም እንዲሁ 900 አካባቢ ነው።

7. ማሸጊያው የአውሮፓ ከሆነ

ከአውሮፓ የመጣ ዕቃ ላይ ሰንጠረዡ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ይጻፋል። ሹገር ፍሪ ለመባልም ስኳሩ በ100 ግራም ከ0.5 ግራም መብለጥ የለበትም። ገደቡ በአንድ ጊዜ መጠን ስላልሆነ መጠኑን በማሳነስ ዜሮ ማስመሰል አይቻልም፣ ለማወዳደርም ይቀላል። ሹገር አልኮሆልን ግን ሁሉንም በ2.4 ነው የሚያስሉት፣ ኤሪትሪቶል ብቻ 0 ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ከረሜላ በሁለቱ አገሮች ማሸጊያ ላይ የተለያየ ካሎሪ ቢኖረው አትደናገጡ።

ማስጠንቀቂያ

*ስኳር ሲወርድ አይሠራም።* ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥና ሲደናገር ሹገር ፍሪ ከረሜላ ወይም ዳይት መጠጥ አትስጡት። አያነሣለትም። የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል እውነተኛ ስኳር ነው፤ በውሃ የተበጠበጠ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ወደ ሐኪም አድርሱት። ቤት ውስጥ ያለው ከረሜላ ሁሉ ሹገር ፍሪ እንዳይሆን የምለው ለዚህ ነው።

*ሆድ ይረብሻል።* ከላይ ያሰላነው ቸኮሌት በ100 ግራም 40 ግራም ማልቲቶል አለው። ያንን በአንድ ጊዜ የበላ ሰው ሆዱ ሊነፋና ሊያስቀምጠው ይችላል። ምክንያቱ ማልቲቶሉ በደንብ ስለማይመጠጥ አንጀት ውስጥ ውሃ መሳቡና መፍላቱ ነው። ለልጆችና ለአረጋውያን 2 ወይም 3 ካሬ ይበቃል።

*ውሻ ካላችሁ* ዛይሊቶል ያለበትን ማስቲካና ከረሜላ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለሰው ችግር የሌለው መጠን ውሻን ይገድላል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

*ካርቦሃይድሬቱን አለማየት።* ስኳር 0 የሚለውን አይቶ ብስኩቱን እንደ ልብ መብላት። ስኳር ላለበት ሰው ወሳኙ መስመር ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ነው። ስኳር 0፣ ካርቦሃይድሬት 20 ካለ፣ ደም ውስጥ የሚገባው ነገር አለ። ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ በመለኪያ ሲታይ ራሱ ይናገራል።

*ሹገር አልኮሆሉን ሙሉ በሙሉ መቀነስ።* ማልቲቶል የደም ስኳርን ከስኳር ባነሰ ሁኔታም ቢሆን ከፍ ያደርጋል። የተለመደው አሠራር ግማሹን ብቻ መቀነስ ነው። በቸኮሌታችን 17 ሲቀነስ 6፣ 11 ግራም ይቆጠራል ማለት ነው። መድኃኒት በካርቦሃይድሬት ልክ የሚወስድ ሰው ይህንን ስሌት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

*«ሹገር ፍሪ ስለሆነ» እያሉ እጥፍ መብላት።* 30 ግራሙ 10 ካሎሪ ቀንሶ፣ 60 ግራም ከበላችሁ 140 ካሎሪ ጨመራችሁ።

ወደ አገር ቤት የምትልኩ ከሆነ

ተቀባዩ እንግሊዝኛውን አያነብም፣ ቢያነብም ደቃቅ ነው። እናንተ አንዴ ካሰላችሁት በትልቅ የአማርኛ ፊደል ጻፉና ማሸጊያው ላይ ለጥፉት። ለዚህኛው ቸኮሌት እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«እማዬ፣ ይህ ስኳር ባይኖረውም ቅባት አለው። በአንድ ጊዜ 3 ካሬ ብቻ። 3 ካሬው 150 ካሎሪ ነው። ስኳርሽ ከወረደብሽ ይህን አትብዪ፣ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ።»

ካሬዎቹን ሚዛን ላይ አስቀምጡና ስንቱ 30 ግራም እንደሚሞላ ሳታዩ ግን «3 ካሬ» ብላችሁ አትጻፉ። የአንዱ ፋብሪካ ካሬ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል።